የገበያ ክምችት መለኪያ በውህደት ጊዜ፦ መልስ

«እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ድርሻ ያላቸው ሁለት ድርጅቶች ቢዋሃዱ የሄርፊንዳል ሂርሽማን መለኪያ በስንት ይጨምራል? ጭማሪውስ ብዙ ነው?»

መለኪያው በገበያው ውስጥ ያሉት ድርጅቶች ሁሉ የመቶኛ ድርሻ ካሬ ድምር ነው። ጭማሪውን ለማወቅ ሙሉውን ስሌት እንደገና መሥራት አያስፈልግዎትም፤ የሁለቱን ድርሻ አባዝተው ውጤቱን እጥፍ ቢያደርጉት ጭማሪውን ያገኛሉ፤ ይኸውም 2 × 10 × 10 = 200 ነው። ለየብቻቸው 100 እና 100 ያዋጡ የነበሩት ድርጅቶች ሲዋሃዱ የ20 ካሬ የሆነውን 400 ያዋጣሉ፤ የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ካሬ ግን አይለወጥም።

ሌሎቹ 25፣ 20፣ 20 እና 15 በመቶ ቢይዙ መለኪያው ከ1850 ወደ 2050 ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአሜሪካ የውህደት መመሪያ ከ1800 ያለፈ ውጤት ከ100 በላይ ጭማሪ ሲታይበት ውህደቱ ውድድርን ይጎዳል ብሎ ይገምታል፤ በ2010ሩ መመሪያ ወሰኖቹ 2500 እና 200 ስለነበሩ ይኸው ውህደት ከግምቱ ያመልጥ ነበር። ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ ይችላል።

በተግባር ግን የሚያከራክረው ስሌቱ ሳይሆን ድርሻው የሚሰላበት ገበያ ነው። የአሜሪካ የቢሮ ዕቃ ቸርቻሪዎቹ ስቴፕልስና ኦፊስ ዲፖ እ.ኤ.አ. በ1997 ሊዋሃዱ ሲሉ ከጠቅላላው የቢሮ ዕቃ ሽያጭ ድርሻቸው 5.5 በመቶ ብቻ እንደሆነ ተከራክረው ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ገበያውን በግዙፍ የቢሮ ዕቃ መደብሮች ስለወሰነው ግን በአንዳንድ ከተሞች የጋራ ድርሻቸው 100 በመቶ ሆነ፤ ውህደቱም ታገደ።