ሂሳቡ የማይናገረውን ደብዳቤው ይናገር

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጥያቄ ላከልኝ። አነስተኛ ድርጅት አለው። የባንክ ብድር ሊጠይቅ ነው። የሂሳብ መግለጫዎቹን በባለሙያ አሠርቶ ጨርሷል። «ጋሼ፣ ከሂሳቡ ጋር ለባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የማያይዘው ደብዳቤ ላይ ምን ልጻፍ? ሂሳቡ ራሱ ሁሉንም ይናገር የለም እንዴ?» ይላል።

አይናገርም፣ ልጄ። ባለመናገሩም ነው አንድ ፋይል እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ባንክ ውስጥ፣ ብድር ክፍል ነው። ከየቅርንጫፉ የሚመጣውን የአመልካች ሂሳብ እመረምራለሁ፣ ለብድር ኮሚቴው ማስታወሻ እጽፋለሁ። አመልካቹን በዓይኔ አላየውም። ኮሚቴውም አያየውም። ብዙ ወጣቶች ይህን አያውቁም። ደብዳቤው የተጻፈው ለሥራ አስኪያጁ ስለሆነ እሱ አንብቦ የሚወስን ይመስላቸዋል። ከፍ ያለ ብድር ከሆነ ግን ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን ወደ ላይ ነው የሚልከው። ስለ እናንተ የሚነገረው እናንተ በሌላችሁበት ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ የምትገቡት በደብዳቤያችሁ ብቻ ነው።

ያ ፋይል የአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ነበር። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ አናጺ ናቸው። የእንጨት መቁረጫ ማሽን ለመግዛት 800 ሺህ ጠየቁ፣ በ3 ዓመት የሚከፈል። ደብዳቤያቸው ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። የሂሳብ መግለጫ ማያያዛቸውን፣ ታታሪና ታማኝ ሰው መሆናቸውን፣ ባንኩም ትብብሩን እንዳይነፍጋቸው በትሕትና ጻፉ። ሌላ ምንም የለም።

ሂሳቡን ገለጥኩት። ሽያጫቸው ከ4 ሚሊዮን ወደ 4 ሚሊዮን 900 ሺህ አድጓል። ጥሩ። ትርፋቸው ግን ከ600 ሺህ ወደ 250 ሺህ ወርዷል። ሽያጭ አድጎ ትርፍ ከግማሽ በታች ሲሆን ማንም መርማሪ ቆም ይላል። ከዚያ ወደ ተሰብሳቢ ሂሳቡ ሄድኩ። ደንበኞች ገና ያልከፈሉት ገንዘብ ማለት ነው። ባለፈው ዓመት 400 ሺህ የነበረው 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ሆኗል። ይህን ለዓመቱ ሽያጭ አካፍላችሁ በ365 ስታባዙት ደንበኛ በአማካይ በስንት ቀን እንደሚከፍል ያሳያችኋል። በፊት ወደ 37 ቀን ገደማ ነበር። አሁን 97 ቀን ሆነ።

97 ቀን በባንክ ሰው ጆሮ ምን ይላል? ደንበኞቹ መክፈል አቁመዋል ይላል። ወይም ሰውየው ሽያጭ የጨመሩት ለማይከፍል ሁሉ በዱቤ እየሰጡ ነው ይላል።

የመጨረሻው ስሌት የመክፈል አቅም ነው። ትርፉ 250 ሺህ፣ በዚያ ላይ የማሽኖች እርጅና ተብሎ በሂሳቡ የተቀነሰው 120 ሺህ ይደመራል። እርጅና ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ አይደለምና። ድምሩ 370 ሺህ ሆነ። የብድሩ የዓመት ክፍያ ወለዱን ጨምሮ 330 ሺህ ይመጣል። 370 ለ330፣ 1.12 ማለት ነው። አንድ ወር ሥራ ቢቀዘቅዝ ክፍያው ይዘገያል። ባንኮች ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 1.2 እና ከዚያ በላይ ማየት ይፈልጋሉ።

ለቅርንጫፉ ማብራሪያ ጠየቅኩ። የመጣው መልስ «ደንበኛው መልካም ጠባይ ያላቸው፣ የተከበሩ ሰው ናቸው» የሚል ነበር። ኮሚቴው አልተቀበለውም። በዚያ ፋይል ላይ በነበረው ወረቀት ማንም አይቀበለውም።

እውነቱ የወጣው ከውሳኔው በኋላ ነው። አናጺው ወረቀታቸውን ሰብስበው ቅርንጫፉ መጡ፣ ሥራ አስኪያጁም ወደ እኛ ላከው። ነገሩ እንዲህ ነበር። በሂሳብ ዓመቱ የመጨረሻ ወር ለአንድ ትልቅ ሆቴል የ900 ሺህ ዕቃ አስረክበዋል። ዓመቱ ሲዘጋ ገንዘቡ አልገባም፣ ስለዚህ ተሰብሳቢ ላይ ተቀመጠ። ከ6 ሳምንት በኋላ ሆቴሉ ሙሉውን ከፈለ። የገባው ግን ሌላ ባንክ ባላቸው ሂሳብ ስለሆነ እኛ ጋ አይታይም። ብድሩን ሲያመለክቱ ያ ገንዘብ በእጃቸው ነበር!

ያን ትእዛዝ ስታወጡት 400 ሺህ ለ4 ሚሊዮን ይቀራል። ያው 37 ቀን። የቆዩ ደንበኞቻቸው አንድ ቀን እንኳ አልዘገዩም።

የትርፉም ነገር እንደዚሁ። በዚያ ዓመት ማምረቻውን ወደ ሰፊ ቦታ አዛውረዋል። የማሽን ማጓጓዣ፣ ለጥቂት ወራት የሁለት ቦታ ኪራይ፣ ሥራ ቆሞ ለሠራተኛ የተከፈለ ደመወዝ፣ በጠቅላላ 300 ሺህ። የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፣ አይደገምም። ያንን መልሳችሁ ብትደምሩ ትርፉ 550 ሺህ ይሆናል። የግብሩን ልዩነት ለጊዜው እንተወው። ከእርጅናው ጋር 670 ሺህ፣ ለ330 ሺህ ክፍያ ሁለት እጥፍ። ይህን ይዤ ኮሚቴ ብገባ ኖሮ የምከራከርበት ነገር ነበረኝ።

ግን ማሽኑ ለሌላ ተሽጧል። ሰውየውም ዳግመኛ አላመለከቱም። የጎደለው ሁለት አንቀጽ ነበር። ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሠራው ሥራ በሁለት አንቀጽ ጉድለት ሲመለስ ማየት ያማል። እኔን አሁንም ያመኛል።

በዚያን ጊዜ የብድር ክፍሉ ኃላፊ የነበሩ ሰው የሂሳብ መግለጫን ከኋላ ጀምረው ነበር የሚያነቡት። ከትርፍ መስመሩ በፊት መጨረሻ ያሉትን ማብራሪያዎች፣ ቀጥሎ ተሰብሳቢውን፣ ከዚያ የጥሬ ገንዘብ ፍሰቱን። ትርፉን መጨረሻ ላይ። እርሳሳቸው የተለወጠ ቁጥር ባዩ ቁጥር ክብ ይሠራል። የክቡ መልስ ፋይሉ ውስጥ ካለ ቀጥለው ያነባሉ፣ ከሌለ ይዘጉታል። በኋላ ያየኋቸው ጥሩ መርማሪዎች ሁሉ በሆነ መንገድ እንዲሁ ያደርጋሉ።

እንግዲህ ደብዳቤ ስትጽፉ ይህን ሰው አስቡት። ከመጻፋችሁ በፊት የሁለት ዓመቱን ሂሳብ ጎን ለጎን አስቀምጡና እናንተው ክብ ሥሩ። በጣም የጨመረው የቱ ነው? የቀነሰውስ? ምክንያቱን ከነማስረጃው ጻፉ። ለአናጺው እኔ ብጽፍላቸው ኖሮ እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«በዓመቱ መጨረሻ ከታየው 1,300,000 ተሰብሳቢ ሂሳብ ውስጥ 900,000ው በመጨረሻው ወር ለአንድ ሆቴል ያስረከብነው ዕቃ ዋጋ ነው። ገንዘቡ ዓመቱ ከተዘጋ በ6ኛው ሳምንት ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል። የርክክብ ሰነዱ በአባሪ 3፣ ክፍያው የገባበት የባንክ መግለጫ በአባሪ 4 ተያይዟል። ትርፋችን ከቀነሰበት 350,000 ውስጥ 300,000ው ማምረቻውን ለማዛወር የወጣ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው (ዝርዝሩ በአባሪ 5)። ቀሪው 50,000 የእንጨት ዋጋ በመጨመሩ የመጣ ሲሆን፣ ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ የመሸጫ ዋጋችንን አስተካክለናል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አስተውሉልኝ። 50 ሺሁንም አልደበቅንም። የሽያጩን ዕድገት ያየ መርማሪ ለምን ትርፉ አብሮ አላደገም ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መጥፎውን ቁጥር ከእናንተ አፍ ሲሰማው ሌላውንም ያምናችኋል።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ዘመን ሰው ይልቅ ቁጥር ታውቃላችሁ፣ ይህን በደስታ እመሰክራለሁ። በኤክሴል በአንድ ምሽት የምትሠሩትን እኛ ሳምንት እንፈጅበት ነበር። ደብዳቤያችሁ ግን ያሳዝነኛል። ከስልክ ላይ የተቀዳ፣ «ራዕያችን»፣ «ተወዳዳሪ»፣ «ዓለም አቀፍ ደረጃ» የሞላበት። የድርጅቱ ስም ቢቀየር ለማንም ይሆናል። የብድሩ መጠን እንኳ የማይገኝበት ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ስንት እንደምትፈልጉ፣ ለምን፣ በስንት ጊዜ፣ ከየትኛው ገቢ እንደምትከፍሉ በመጀመሪያው አንቀጽ ይግባ። «ቤት አስይዛለሁ» በቂ መልስ አይደለም። ማስያዣ ሁሉ ነገር ከከሸፈ በኋላ የሚታይ ነው። ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የወሩ ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ነው።

የሂሳቡንም ማንነት በአንድ መስመር ንገሩት። በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ነው ወይስ የሂሳብ ባለሙያችሁ ብቻ ያዘጋጀው? ያልተመረመረ ከሆነ አትደብቁት፣ በማየት ይታወቃል። ዓመቱ ከተዘጋ ብዙ ወራት ካለፉ ደግሞ እስከ ቅርቡ ወር ያለውን ጊዜያዊ ሂሳብ ጨምሩበት። ለአናጺው ይህ ብቻ ቢኖር 900 ሺሁ መግባቱ ይታይ ነበር።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። ይህን ሁልጊዜ እላለሁ። ነገር ግን እውነተኛ ማብራሪያ ወደ ሁለተኛው ገጽ ከሄደ ይሂድ፣ አትቁረጡት። የሚቆረጠው ውዳሴው ነው። በደብዳቤው ያለው ቁጥር ደግሞ ከሂሳቡ ጋር አንድ ይሁን። ሂሳቡ 1,300,000 ካለ «ወደ 1 ሚሊዮን» ብላችሁ አትጻፉ። ልዩነቱን ያየ ሰው ሌላ ምን አለ ብሎ መፈለግ ይጀምራል።

ደብዳቤ የማያድነው ነገርም አለ። ደንበኞቻችሁ በእውነት መክፈል ካቆሙ፣ ወይም የአንድ ጊዜ ያላችሁት ወጪ በየዓመቱ የሚመጣ ከሆነ፣ የቱንም ያህል ብታሳምሩት መርማሪው ያለፉትን ዓመታት ገልጦ ያገኘዋል። ያኔ የሚጠየቀው ያነሰ ብድር ነው፣ ወይም እስኪስተካከል መቆየት ነው።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ ሂሳብህን ላክልኝ ብዬህ ነበር፣ ላክኸው፣ አየሁት። የዕቃ ክምችትህ ከአምናው በጣም ጨምሯል። ያልተሸጠ ነው ወይስ ዋጋ ሳይጨምር ቀድመህ የገዛኸው? መልሱን ከነደረሰኙ ጻፈው። ፋይሉን ስታስገባም ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ያዝ። አንደኛው ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፈህ፣ የተቀባዩን ፊርማ አስፈርመህ ውሰድ።