ጥቅምት 30ን ኤክሴል ለምን አይቀበለውም?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ መጋዘን ላይ መዝገብ እይዛለሁ። ዕቃ የተረከበ ደንበኛ ጉዳት ካገኘ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር 30/2/2017 እያልኩ ኤክሴል ላይ እጽፋለሁ፣ ቀናቱንም በመቀነስ አስላለሁ። አንዳንዱ ቀን ስህተት ይሰጠኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ በእጄ ስቆጥረው አይገጥምም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ኤክሴል 2 ቁጥርን ጥቅምት ብሎ ሳይሆን ፌብሩዋሪ ብሎ ነው የሚያነበው። ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው የጻፉትን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። የዓምዱን አሰላለፍ ካልለወጡት ቀን ሆኖ የገባው ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ሆኖ የቀረው ወደ ግራ ተጠግቶ ይታያል። ስህተት የሚሰጥዎት ይኸኛው ነው፤ እሱ እንኳ ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙም አያሳስብ።

የሚያስፈራው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ነሐሴ 20/2017 የተረከበ ሰው መስከረም 18/2018 ቢያመለክት፣ ኤክሴል ከዲሴምበር 20 እስከ ጃንዋሪ 18 ቆጥሮ 29 ይልዎታል፤ ተቀባይነት አለው ማለት ነው። በእውነቱ ግን ከነሐሴ 10፣ ከጳጉሜ 5፣ ከመስከረም 18፣ በድምሩ 33 ቀን ሆኗል። በተቃራኒው መስከረም 10 ተረክቦ ጥቅምት 10 ያመለከተው ልክ በ30ኛው ቀን መጥቶ ሳለ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን ስላለው 31 ተብሎ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ወርን ከቀን በሚያስቀድም አሠራር ከተዘጋጀማ ጳጉሜ 5 ብለው የጻፉት 5/13/2017 ሜይ 13 ሆኖ ቁጭ ይላል።

ስለዚህ ቀኑን በአንድ ሳጥን አይጻፉ። የርክክቡን ዓመት A፣ ወር B፣ ቀን C ላይ፣ የማመልከቻውን ደግሞ በዚሁ ቅደም ተከተል D፣ E እና F ላይ ያድርጉ። ዓመቱ የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ወሩና ዓመቱ ከታወቁ በኋላ ነው። C2 ላይ ቆመው `Data`፣ ከዚያ `Data Validation`፣ ከዚያ `Custom` መርጠው ይህን ያስገቡ፦

```
=AND(COUNT(A2:C2)=3,A2=INT(A2),B2=INT(B2),C2=INT(C2),A2>=2016,A2<=2018,B2>=1,B2<=13,C2>=1,C2<=IF(B2<13,30,IF(MOD(A2,4)=3,6,5)))
```

`Ignore blank` ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ፤ ካልተነሳ ወሩ ባዶ ሆኖም ቀኑን ያሳልፋል። ለF2 A፣ B እና Cን በD፣ E እና F ተክተው ይድገሙት። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲተርፍ፣ ማለትም በዘመነ ሉቃስ ነው፤ 2015 እንደዚያ ነበር፣ ቀጣዩ 2019 ነው። የዓመቱን ወሰን ለመዝገብዎ በሚስማማ መልኩ ይለውጡ፣ ግን አያጥፉት። ከጅቡቲ በኩል የሚመጣው ሰነድ በፈረንጅ ቀን ስለሚጻፍ 2025 ተብሎ ቢገባ የሚይዘው ይኸው ነው። ከሌላ ፋይል ገልብጠው የሚለጥፉትን ግን ይህ ማጣሪያ አያየውም፤ ያንኑ ቀመር በአንድ ትርፍ ዓምድ ላይ ጽፈው `FALSE` ወይም `#VALUE!` ያለውን ይፈልጉ።

ቀነ ገደቡን ለማስላት እያንዳንዱን ቀን ወደ አንድ ተከታታይ ቁጥር መለወጥ ይበቃል። የመጀመሪያው G2፣ ሁለተኛው H2፣ ሦስተኛው I2 ላይ ይግባ፦

```
=365*A2+INT(A2/4)+30*(B2-1)+C2
=365*D2+INT(D2/4)+30*(E2-1)+F2
=IF(H2<G2,"ስህተት",IF(H2-G2<=30,"በጊዜው","አልፏል"))
```

ቅድም ያልነውን ነሐሴ 20/2017 ቢያስገቡ 737059፣ መስከረም 18/2018 ደግሞ 737092 ይወጣል፤ ልዩነቱ 33። የመጨረሻው ቀን 737089፣ ማለትም መስከረም 15 ነበር። በ2019 ነሐሴ 20 ቢረከብ ግን ጳጉሜ 6 ስለምትሆን መስከረም 14 ላይ ያበቃል። ገና ያላመለከተ ሰው ስንት ቀን እንደቀረው ማየት ካሻዎት `=G2+30-(TODAY()+691164)` ይጠቀሙ፤ `TODAY()+691164` የዛሬውን የፈረንጅ ቀን ወደዚሁ ቁጥር ያመጣዋል። `MOD(G2+30,7)` 6 ከሰጠ ደግሞ የመጨረሻው ቀን እሑድ ላይ ውሏል። እሑድ ሲሆን ወደ ሰኞ ይሻገራል ወይስ አይሻገርም የሚለውን ቀመሩ አይወስንልዎትም።

እዚህ የርክክቡ ቀን ራሱ አልተቆጠረም፤ ደንባችሁ ከዚያው ቀን ጀምሮ የሚቆጥር ከሆነ I2 ላይና `G2+30` ላይ 30 የነበረውን 29 ያድርጉት። ደንቡ ላይ የተጻፈው «30 ቀን» ሳይሆን «አንድ ወር» ከሆነ ግን ይህን ቀመር ከመጠቀምዎ በፊት ኃላፊዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። ከነሐሴ 20 አንድ ወር ሲቆጠር ጳጉሜ 20 የሚባል ቀን የለም፤ ጳጉሜን ዘልሎ መስከረም 20 የሚለውና ቀን ቆጥሮ መስከረም 15 የሚለው በ5 ቀን ይለያያሉ።