«ሙሉ ሽፋን» ስትሸጥ ለደንበኛ ምን ማለት ትችላለህ?

ጥያቄ፦ «የመኪና ኢንሹራንስ መሸጥ ከጀመርኩ ገና ነው። ደንበኞች ‹ሙሉ ሽፋን ከገባሁ ምንም ቢደርስ ትከፍላላችሁ አይደል?› ይሉኛል። ምን ብዬ ቃል ልግባ? የትኛውንስ ማለት የለብኝም?»

ወንድሜ፣ «አዎ» ብለህ አትመልስ። ፖሊሲውን ከፍተህ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳትና ስርቆት የተጻፉበትን አሳየው፤ ቀጥለህ ደግሞ የማይካተቱትን አንብብለት። በእርጅና የሚመጣ ብልሽት፣ የሞተር መበላሸት፣ ያለ ተገቢው መንጃ ፈቃድ ወይም ጠጥቶ መንዳት አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሁከትና በፖለቲካ ግጭት የሚደርስ ጉዳት በብዙ ፖሊሲዎች ተጨማሪ አረቦን ካልተከፈለበት አይሸፈንም። ዕቃ ጭኖ ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ ደንበኛ ይህን ሳትነግረው እንዳትፈርም።

ከሁሉ በላይ ግን ደንበኛን የሚጎዳው የመኪናው ዋጋ ላይ የሚሰጠው ምክር ነው። አረቦን እንዲቀንስለት የፈለገ ደንበኛ «ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ሲል ብዙ ወኪል ሽያጩ እንዳያመልጠው እሺ ይላል። የመኪና ዋጋ በየዓመቱ እየናረ ባለበት ጊዜ ደግሞ የአምናውን ዋጋ እንዳለ ማደስም ያው ነው።

በቁጥር እንየው። መኪናው በገበያ 2,400,000 ብር ያወጣል፤ የተጻፈው ግን 1,200,000 ብር ነው። የአረቦኑ መጠን 2 በመቶ ነው ብንል ደንበኛው በዓመት 24,000 ብር አተረፈ። ከዚያ ተጋጨና ጋራዡ ለጥገና 360,000 ብር ጠየቀ። ደንበኛው «360,000 ከ1,200,000 በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ብሎ ይጠብቃል። ነገር ግን የተጻፈው ዋጋ የእውነተኛው ግማሽ ስለሆነ ግማሹን አደጋ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራል፤ በፖሊሲውም በንግድ ሕጉም የመጠን ቅነሳው ይህ ነው። ስለዚህ ካሳው 180,000 ይሆናል። ከዚያ ላይ የራሱ ድርሻ፣ ማለትም ኤክሰሱ፣ 10,000 ብር ቢሆን በእጁ የሚገባው 170,000 ነው። ቀሪውን 190,000 ብር ከኪሱ ያወጣል። መኪናው ጨርሶ ቢወድም ደግሞ ከ1,200,000 በላይ አያገኝም። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ በራሱ መኪና ዋጋ ሠርተህ አሳየው፤ ብዙ ጊዜ ሐሳቡን የሚለውጠው ያኔ ነው።

የገበያ ዋጋውን ከፍ አድርጎ መጻፍም አይጠቅመውም። ካሳ የሚከፈለው በጉዳቱ ልክ ስለሆነ ትርፉን አረቦን በከንቱ ይከፍላል እንጂ መኪናው ከሚያወጣው በላይ አይወስድም።

«ከአሁን ጀምሮ ተሸፍነዋል» የሚለውን በስልክ አትናገር። ኩባንያው ጥያቄውን ተቀብሎ፣ አረቦኑ ተከፍሎ፣ ቀኑ ፖሊሲው ላይ ወይም ጊዜያዊ የሽፋን ማስረጃው ላይ ካልሰፈረ ንግግርህ ሽፋን አይሆንም። ማለት የምትችለው «ክፍያው ገብቶ ማስረጃው እጅዎ እስኪደርስ ድረስ መኪናውን እንዳልተሸፈነ ይቁጠሩት» ነው።

የጥያቄ ቅጹን አንተ ሞልተህ «እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ» ማለትም አደጋ አለው። ፊርማው የእሱ ስለሆነ የተሳሳተው መልስ የሚጣበቀው በእሱ ላይ ነው። በተለይ የአገልግሎት ዓይነቱን ጠይቅ። ኮድ 2 ተብሎ ለግል አገልግሎት የተመዘገበ መኪና ቅዳሜና እሑድ ሰው በክፍያ የሚያመላልስበት ከሆነ፣ አደጋው በዚያ ሥራ ላይ ሲደርስ ኩባንያው ካሳውን ሊከለክል ይችላል። «አይታወቅም» ብለህ አታጽናናው፤ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና የተሳፋሪ ቃል ያወጣዋል። ማን እንደሚነዳውም እንዲሁ ጠይቅ፤ አንዳንድ ፖሊሲ አዲስ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ሲነዳ ኤክሰሱን ከፍ ያደርጋል።

ቦሎ ለማሳደስ ብቻ የመጣ ደንበኛም አለ። እሱ የሚገዛው አስገዳጁን የሦስተኛ ወገን መድን ስለሆነ የራሱ መኪና ቢጎዳ ከዚያ ምንም እንደማያገኝ በግልጽ ንገረው። ካሳውም በሕጉ ጣሪያ የተወሰነ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ተጎጂው ከባለመኪናው ሊጠይቅ ይችላል።

ስለ ካሳ «በሳምንት ውስጥ ይከፈላል»፣ «እኔ አስጨርስልዎታለሁ» አትበል፤ ጉዳቱን የሚገምተውም የሚወስነውም ሌላ ክፍል ነው። ቃል ልትገባ የምትችለው አደጋ ሲደርስ ወዲያው ለፖሊስና ለኩባንያው እንዲያሳውቅ፣ መኪናው ሳይገመት እንዳያስጠግን፣ ከሌላው ወገን ጋር «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ እንዳይፈርም አስቀድመህ እንደምትነግረው፣ ሰነዱንም ተቀብለህ እንደምታደርስ ነው።

የነገርከውን በአጭር የስልክ መልእክት ላክለት፦ የተጻፈው ዋጋ፣ ኤክሰሱ፣ ለምን አገልግሎት እንደሆነ፣ ያልገዛው ተጨማሪ ሽፋን። መልሱ «እሺ» እንኳ ቢሆን አስቀምጠው።