ለዓይናፋር ሰው፦ ከመገናኘታችሁ በፊት ሞቅ ያለ ቴክስት

"ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንገናኝ ነው። ዓይናፋር ነኝ፤ በቴሌግራም የምጽፍላት ሁሉ ቀዝቃዛ ይመስላል። ምን ላድርግ?"

ወንድሜ፣ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ የሚመስለው ወሬው እዚያው ስለሚያልቅ ነው። "ዛሬ ስብሰባ ላይ ውዬ ደከመኝ" ስትልህ "አይዞሽ" ብቻ ካልካት የምትቀጥልበት ነገር የላትም። ከራሷ ቃል አንዱን ያዝ፣ ከራስህም ትንሽ ጨምር፦ "ሙሉ ቀን ስብሰባ! እኔ ሁለት ሰዓት ከተቀመጥኩ ያለ ቡና አልነቃም። አንቺስ ድካምሽ በምን ይወጣልሻል?" አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ሦስት ሲሆን ምርመራ ይመስላል።

በአካል የማትደፍረውን "የኔ ማር" ግን አሁን አትጻፍ። ቅዳሜ ዝም ስትል ሌላ ሰው የመጣ ይመስላታል። ይልቅ አርብ ማታ እንዲህ በላት፦ "መጀመሪያ ላይ ዝምተኛ ነኝ። ዝም ካልኩ ደስ ስላላለኝ አይደለም።" እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ላገኛት ለነበረች ልጅ ይህንኑ ጽፌ ነበር፤ ስንገናኝ ወሬውን እሷ ጀመረችልኝ።