ለግፊት የተላከው ጨውና የተከለከለው ሽሮ

ጥያቄ፦ «አባቴ 63 ዓመታቸው ነው፤ ክብደታቸው 60 ኪሎ ነው። ስኳር የለባቸውም፤ ግፊት ግን ለብዙ ዓመታት ስላለባቸው ኤናላፕሪል ይወስዳሉ። የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም 34 ነው ተብለናል። በቅርቡ በተደረገላቸው የደም ምርመራ ፖታሲየም 5.7፣ ፎስፈረስ 4.1 ሆኖ ወጣ። ፕሮቲን፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ይቀንሱ ስለተባሉ ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ ሽሮውንም፣ ምስሩንም፣ ሙዙንም አቁመው በዳቦና በሻይ ነው ያሉት፤ በጣም ከስተዋል። ጨው እንኳ የምንጠቀመው እህቴ ለግፊት ይሻላል ብላ ከአሜሪካ የላከችውን ነው። ሌላ ምን እንቀንስላቸው?»

መልስ፦ በመጀመሪያ የምትቀንሱት ያንን ጨው ነው፤ መቀነስም ሳይሆን ዛሬውኑ ማቆም ይገባል። ለግፊት ይሻላል ተብሎ የሚሸጠው ጨው አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየሙ በከፊል ወይም በሙሉ በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ትርፉን ፖታሲየም በሽንት ስለሚያስወጣው ይህ ጨው ሊጠቅመው ይችላል። የማጣራት አቅማቸው ወደ 34 የወረደና በዚያ ላይ ኤናላፕሪል የሚወስዱ ሰው ግን ትርፉን የሚያስወጡበት መንገድ ጠብቧል። ሙሉ በሙሉ ከፖታሲየም ክሎራይድ በተሠራው ዓይነት ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ600 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም ይይዛል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ ግን 420 ሚሊግራም ገደማ ነው። አባትዎ ሙዙን ትተው በየወጡ ውስጥ ከሙዝ የሚበልጥ ፖታሲየም ሲመገቡ ቆይተው ይሆናል። የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ፖታሲየም ክሎራይድ ከሚሉት ውስጥ ከሆነ ወደ ተራው ጨው ተመለሱ፤ እርሱንም ለግፊታቸው ሲባል በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች አድርጉት።

ኤናላፕሪሉን ግን በራሳችሁ አታቁሙት። ፖታሲየምን ከፍ ማድረጉ እውነት ነው፤ ነገር ግን በኩላሊት ማጣሪያ ውስጥ ያለውን ግፊት ዝቅ በማድረግ ኩላሊቱ ቀሪ አቅሙን ቶሎ እንዳያጣ ከሚከላከሉት መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ፣ መጠኑ ይቀነስ ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚከታተላቸው ሐኪም ይወስን። ለወገብ ወይም ለጉልበት ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ከሆነ ግን ይህንኑ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትቆዩ፤ እነዚህ ፖታሲየሙንም ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። የሆድ ድርቀት ካለባቸውም መታከም አለበት፤ ኩላሊት ሲደክም አንጀት ከፖታሲየሙ የተወሰነውን በሰገራ በማስወጣት ያግዛልና።

ወደ ፕሮቲኑ ስንመጣ፣ የሚቀነስበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፕሮቲን ሲፈጭ ዩሪያና አሲድ ይተርፋሉ፤ እነዚህን የሚያስወጣው ኩላሊት ነው። ብዙ ፕሮቲን በተበላ ቁጥር በሕይወት የቀሩት ማጣሪያዎች ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ «ቀንሱ» ማለት «አቁሙ» ማለት አይደለም። ኩላሊት እጥበት ላልጀመረና በአባትዎ ደረጃ ላለ አዋቂ ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ የሚመክረው በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። ከዚህ ዝቅ ያለ አመጋገብም አለ፤ ነገር ግን የሚሞከረው በሥነ ምግብ ባለሙያ ቅርብ ክትትል ብቻ ስለሆነ በቤት ውስጥ በግምት የሚደረግ አይደለም።

ለ60 ኪሎ ሰው 0.8 ግራም ማለት በቀን 48 ግራም ፕሮቲን ነው። ይህ በገበታ ላይ ምን እንደሚመስል እንቁጠረው። ከ150 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ በቀን ቢበሉ 20 ግራም ያህል ያገኛሉ። 40 ግራም የሽሮ ዱቄት ወደ 9 ግራም፣ ሳይበስል 50 ግራም የሚመዝን ምስር ደግሞ ወደ 12 ግራም ይሰጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ሲጨመርበት ድምሩ 47 ይሆናል፤ ድርሻቸው በዚሁ ሞላ ማለት ነው። ሥጋ ያማራቸው ቀን ምስሩንና እንቁላሉን አስቀርተው 70 ግራም ገደማ የሚመዝን የበሰለ ቀይ ሥጋ ወይም ዶሮ ሊተኩበት ይችላሉ፤ ይህም መዳፍ ላይ የሚያርፍ ትንሽ ቁራጭ ነው። በጾም ቀን ደግሞ እንቁላሉ ወጥቶ ምስሩ ወይም ክኩ በጥቂቱ ይጨመራል። ጾሙ ለኩላሊታቸው ችግር የሚሆነው በጾሙ ምግብ ዓይነት ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ቆይተው የቀኑን ድርሻ ሁሉ በአንድ ማዕድ ሲያነሡት ነው።

አሁን ያሉበት የዳቦና የሻይ ኑሮ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ክብደታቸው መውረዱም ይህንኑ ያሳያል። ሰውነት የሚያስፈልገውን ጉልበትና ፕሮቲን ከምግብ ሲያጣ የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል፤ ጡንቻ ሲፈርስ ደግሞ በውስጡ ያለው ፖታሲየምና ፎስፈረስ ወደ ደም ይወጣል። ስለዚህ ምግብ በመከልከል ይወርዳል የተባለው ፖታሲየም በሌላ በር ሊገባ ይችላል። ከዚህም የከፋው ነገር ማሳሳቱ ነው፤ የኩላሊት አቅም የሚገመትበት ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ስለሆነ ጡንቻቸው ባለቀ መጠን የክሬቲኒኑ ቁጥር ዝቅ ብሎ ኩላሊቱ የተሻለው ይመስላል። ክብደታቸውን በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሚዛን መዝኑና ጻፉት። እህል በበቂ እየበሉም መክሳቱ ካልቆመ በወጡ ላይ ዘይት ጨምሩበት፤ ዘይት ያለ ፕሮቲንና ያለ ፖታሲየም ጉልበት ይሰጣል።

ሽሮና ምስር ፖታሲየም አላቸው ብሎ የነገራችሁ ሰው አልተሳሳተም። ሆኖም ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ አሠራሩ ነው። ፖታሲየም በውኃ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ምግቡ በተቀቀለበት ውኃ ይወጣል፤ ውኃው ሲደፋም አብሮ ይደፋል። ድንች ተልጦ፣ በቀጫጭኑ ተከትፎ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ ከፖታሲየሙ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል፤ በጥሬው ወጥ ውስጥ ከተጨመረ ግን ከድንቹ የወጣው መረቁ ውስጥ ስለሚቀር አብሮ ይበላል። ምስሩንና ክኩንም እንዲሁ አንድ ጊዜ በብዙ ውኃ አፍልታችሁ፣ ያንን ውኃ ደፍታችሁ በአዲስ ውኃ ሥሩት። ሽሮ ላይ ይህ አይቻልም፤ ዱቄቱ ከነውኃው ስለሚበላ የሚደፋ ነገር የለውም። ስለዚህ ሽሮን መከልከል ሳይሆን መጠኑን ማወቅ ነው የሚያስፈልገው፤ ከላይ የቆጠርናት 40 ግራም 300 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም ስላላት በቀን አንድ ጊዜ ብትሆን የምትከብድ አይደለችም። ድልህ ቲማቲም ግን በእጅጉ የተጨመቀ ስለሆነ እርሱን ትታችሁ ቁሌቱን በሽንኩርት አብዙት።

ፖታሲየሙ እስኪወርድ ድረስ በእርግጥ መቆም ያለባቸው ጥቂት ናቸው፦ የአቮካዶ ጭማቂና ስፕሪስ፣ ሙዝ፣ የብርቱካን ጭማቂ፣ እንዲሁም ለጤና ተብሎ በማንኪያ የሚወሰድ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት። አንድ ትልቅ አቮካዶ የገባበት ብርጭቆ ብቻውን ወደ 1,000 ሚሊግራም ፖታሲየም ይይዛል፤ ጭማቂ ቤቶቻችን ደግሞ በአንድ አቮካዶ የሚቆጠቡ አይደሉም። በምትኩ አንድ ፖም ወይም አንድ ቁራጭ አናናስ ሊበሉ ይችላሉ። ጎመንን በሚመለከት ጥቅል ጎመን ይሻላል፤ ሐበሻ ጎመን ከሆነም ውኃው ይደፋ።

ፎስፈረስን በተመለከተ ለአሁኑ ብዙ አትጨነቁ። የአባትዎ 4.1 በጤናማው ክልል ውስጥ ነው፤ ክልሉ በአብዛኛው ላቦራቶሪ ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ወደፊት ከፍ ቢል እንኳ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ፎስፈረሱ ከየት እንደመጣ ነው። በጥራጥሬና በእህል ውስጥ ያለው አብዛኛው ፎስፈረስ ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ስለሚገኝ ሰውነታችን ከፊሉን ብቻ ይወስዳል። የጤፍ ሊጥ ሲቦካ ከዚህ የታሰረው የተወሰነው መፈታቱ አይቀርም፤ ቢሆንም እንጀራን ለማስተው የሚያበቃ አይደለም። የሥጋና የወተት ፎስፈረስ በተሻለ ይገባል፤ በፋብሪካ ምግብ ላይ የሚጨመረው ፎስፌት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ወደ ደም ይገባል። ኮላ መጠጦች፣ በፋብሪካ የተዘጋጁ እንደ ሞርታዴላ ያሉ ሥጋዎችና በሦስት ማዕዘን የሚታሸጉ የሚቀቡ አይቦች ከዚህ ወገን ናቸው። በማሸጊያው ላይ ፎስፌት ወይም ፎስፎሪክ አሲድ የሚል ቃል፣ ወይም ከ338 እስከ 341 ወይም ከ450 እስከ 452 ያለ የተጨማሪ ንጥረ ነገር ቁጥር ካያችሁ ተዉት፤ ከእነዚህ 340 ራሱ ፖታሲየምም ስላለው በሁለት በኩል ይጎዳል። ምናልባት አንድ ቀን ሐኪማቸው እንደ ካልሲየም ካርቦኔት ያለ፣ ፎስፈረስን አንጀት ውስጥ አስሮ የሚያስቀር መድኃኒት ካዘዘላቸው፣ ይህ መድኃኒት ከምግብ ጋር አብሮ ካልተዋጠ ጥቅሙን አይሰጥም፤ በባዶ ሆድ የተዋጠው ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ አያገኘውም።

ጨውን ካቆማችሁ በኋላ ፖታሲየሙ በሳምንት ውስጥ እንደገና ይለካ፤ ይህን ቀጠሮ እስከሚቀጥለው ክትትል አታዘግዩት። ደም በሚቀዳበት ጊዜ ክንዱ ለረጅም ጊዜ ታስሮ እጅ በተደጋጋሚ ከተጨበጠ፣ ወይም ናሙናው ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት ከተሰባበሩ፣ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ከፍ ሊል ስለሚችል 5.7ቱ እውነተኛ መሆኑም በዚሁ ይረጋገጣል። ውጤቱ ከ5.0 በታች ከሆነ ግማሽ ሙዝ አልፎ አልፎ መመለስ ይችላል። በ5.0 እና በ6.0 መካከል ከቆየ ስለ ኤናላፕሪሉ መጠንና ፖታሲየምን ስለሚያወርዱ መድኃኒቶች ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩ። 6.0 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አልያም ቁጥሩ ምንም ቢሆን የእግር መዛል፣ የልብ ምት መዛባት ወይም ራስ መሳት ከታየባቸው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን የልብ ምርመራ ኢሲጂ ወዳለበት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፤ ፖታሲየም ምንም ምልክት ሳያሳይ ልብን ሊያቆም ይችላልና ደህና ነኝ ማለታቸው አያዘናጋችሁ።