ፈተናው ላይ ባለ ሁለት ዘንግ ትረስ ቢመጣስ?

“ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት ለጁኒየር ስትራክቸራል መሐንዲስነት የጽሑፍ ፈተና ጠርቶኛል። ሳፕ 2000 ላይ ጎበዝ ነኝ። ግን ቀድመውኝ የተፈተኑ ልጆች ‘ባለ ሁለት ዘንግ ትረስ ይሰጡሻል፤ ጆይንቱ ስንት እንደሚንቀሳቀስ በእጅ አውጪ ይሉሻል’ አሉኝ። ምኑን ላጥና?”

እህቴ፣ መጽሐፉን በሙሉ ማገላበጥ አያስፈልግሽም። አንድ ጥያቄ ይዘሽ እስከ መጨረሻው ሥሪ። እኔ አንዱን ልስጥሽ።

ሱቆች በር ላይ የቆርቆሮ ጥላ የሚሸከመውን የብረት ክንድ ታውቂዋለሽ። መጠኑን ለስሌት እንዲመች ላሳድገው። ግድግዳው ላይ ሁለት የታሰሩ ጆይንቶች አሉ፤ 1 ከታች፣ 2 ደግሞ ከእሱ 3 ሜትር ከፍ ብሎ። ጆይንት 3 ከ1 በአግድም 4 ሜትር ወጥቷል። ከ1 ወደ 3 አግድም ዘንግ፣ ከ2 ወደ 3 ሰያፍ ዘንግ አለ። የሰያፉ ርዝመት 5 ሜትር ይሆናል። የሁለቱም የመስቀለኛ ቁርጥ ስፋት A 1000 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ የብረቱ E 200 ጊጋ ፓስካል ነው። ጆይንት 3 ላይ 30 ኪሎ ኒውተን ወደ ታች ይጫናል።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ዘንግ EA/L አውጪ። EA 200,000 ኪሎ ኒውተን ነው። ስለዚህ አግድሙ 50,000፣ ሰያፉ 40,000 ኪሎ ኒውተን በሜትር ይሆናሉ።

ሦስት ጆይንት ስላለ ሙሉው የስቲፍነስ ማትሪክስ 6 በ 6 ነው። ይህን እንዳለ ልፍታ ብትዪ አይፈታም። ዲተርሚናንቱ ዜሮ ነው፤ ምክንያቱም ግድግዳው ገና አልያዘውም፣ ክንዱ እንዳለ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የ1 እና የ2 ረድፍና አምድ ሲወጡ የጆይንት 3 ብቻ 2 በ 2 ይቀራል። ሁለቱም ዘንጎች እዚያ ስለሚገናኙ ድርሻቸው ይደመራል። መገጣጠም የሚሉት ይኸው ነው።

አግድሙ የሚያዋጣው በአግድም አቅጣጫ 50,000 ብቻ ነው። ሰያፉ ከ2 ወደ 3 ሲታይ 4 ወደ ቀኝ፣ 3 ወደ ታች ይሄዳል፤ ስለዚህ c = 0.8፣ s = −0.6። 40,000ን በ c²፣ በ cs እና በ s² ስታባዢ 25,600፣ −19,200 እና 14,400 ታገኛለሽ። ድምሩ፦

```
K = [  75600  -19200 ]
    [ -19200   14400 ]   kN/m

F = [ 0, -30 ]           kN
```

ዲተርሚናንቱ 720,000,000 ነው። ስትፈቺው u = −0.0008 ሜትር፣ v = −0.00315 ሜትር ይወጣል። ጆይንቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ወደ ግድግዳው፣ 3.15 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ሄደ ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚወድቀው የ s ምልክት ላይ ነው። 0.6 ብለሽ ብትጽፊ ምን እንደሚሆን እዪ። ዲተርሚናንቱ አይለወጥም። v ያው −3.15 ነው። u ብቻ +0.8 ይሆናል። የዘንጎቹን ኃይል በዚያው በተሳሳተው ምልክት ብታረጋግጪም ሚዛኑ ይገጥማል! የፈታሽው ሌላ ክንድ ነዋ፤ ሰያፉ ከላይ የሚጎትት ሳይሆን ከታች የሚደግፍ። አልጀብራው ምንም አይነግርሽም። ሥዕሉን ማየት አለብሽ። ከላይ የተንጠለጠለው ዘንግ ይወጠራል፣ ታችኛው ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ይታመቃል። ስለዚህ u ኔጌቲቭ መሆን አለበት። እኔ ፈታኝ ብሆን ነጥቡን የማበዛው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ ኃይሎቹን አውጪ። አግድሙ 50,000 × (−0.0008) = −40፣ ማለትም 40 ኪሎ ኒውተን ታምቋል። ሰያፉ 40,000 × (0.8 × (−0.0008) + (−0.6) × (−0.00315)) = 50 ተወጥሯል። 50 × 0.6 = 30፣ ጭነቱን ተሸከመ። 50 × 0.8 = 40፣ ከአግድሙ ጋር ተጣጣመ። ይህ ማረጋገጫ ሁለት መስመር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ጻፊው። ታችኛው ዘንግ ስለታመቀ ቀጭን ከሆነ ሊጎብጥ ይችላል፤ ማትሪክሱ ይህን አያይም። ቃለ መጠይቅ ካለ ሳትጠየቂ አንሺው።

አሃድም ተጠንቀቂ። E በኒውተን በካሬ ሚሊ ሜትር፣ L በሜትር ሆኖ ከተቀላቀለ መልሱ በሺህ እጥፍ ይዛባል። የ4 ሜትር ክንድ 3 ሜትር ወረደ የሚል መልስ ካየሽ ወደ አሃዱ ተመለሺ።

በእጅ ከጨረስሽ በኋላ ያንኑ ሳፕ ላይ ሥሪው። 3.15 በትክክል ካልመጣ ሁለት ነገር ፈትሺ። ፕሮግራሙ DEAD ላይ የዘንጎቹን የራስ ክብደት በነባሪ ይጨምራል፤ ዜሮ አድርጊው። ዘንጎቹንም እንደ ፍሬም ስለሚወስድ ጫፎቹ ላይ ሞመንት ካልለቀቅሽ ጆይንቱ ጥቂት ይጠነክራል።