ግማሽ ደብተር ይዞ ለአካውንቲንግ ፋይናል

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አካውንቲንግ ፈርስት ይር ነኝ። የፈንዳሜንታልስ ኦፍ አካውንቲንግ 1 ፋይናል ከቻፕተር አንድ ጀምሮ ነው ተባልን። እኔ ታምሜ ሦስት ሳምንት ቀርቻለሁ፣ የያዝኩትም ኖት የተቆራረጠ ነው። 12 ቀን ነው የቀረኝ። ከየት ልጀምር?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን እግዚአብሔር ማረህ።

ብዙ ሰው «የጎበዝ ልጅ ደብተር ኮፒ አድርግ» ይልሃል። እኔም በዚሁ ኮርስ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። አባቴ ታሞ አገር ቤት አንድ ወር ቆየሁ፤ ስመለስ የክፍላችንን ቀለሜ ደብተር ኮፒ አስደርጌ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በእጄ መገልበጥ ያዝኩ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ደብተሬ ሞላ፤ ፋይናሉ ላይ ግን ሃያ ነጥብ የያዘ ወርክሺት መጣና አድጀስትመንቱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ስገለብጥ ሁሉም ነገር የገባኝ ይመስለኝ ነበር፤ ራሴ የሠራሁት ጥያቄ ግን አንድም አልነበረም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ፈንዳሜንታልስ 2 ላይም የተወሰኑ ክፍለ ጊዜዎች አምልጠውኝ ነበር። ያኔ አካሄዴን ቀየርኩ፤ የምነግርህ ያንን ነው።

የሰው ደብተር ከመክፈትህ በፊት ኮርስ አውትላይኑንና የተመለሰልህን የሚድና የኩዊዝ ወረቀት አንድ ላይ አውጣ። ወረቀቱ ካልተመለሰ ከሪፑ ወይም ዘንድሮ በዚያው መምህር ከተማረ ልጅ ፈልግ። ከዚህ ወረቀት መጀመሪያ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መምህራችሁ የንግድ ዕቃ ሂሳብ ያስተማራችሁ በፔሪዮዲክ ነው ወይስ በፐርፔቹዋል? ደብተር ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ መምህሩ በቃል ተናግሮት ያልፋል። ያልነበረ ሰው መጽሐፍ ከፍቶ በአንደኛው ዘዴ ሲያጠና ይከርምና ፈተናው በሌላኛው ይመጣበታል። የምትለይበት መንገድ ቀላል ነው። ዕቃ ሲገዛ «ፐርቼዝስ» የሚል አካውንት ዴቢት ከተደረገ ፔሪዮዲክ ነው። በቀጥታ «መርቻንዳይዝ ኢንቨንተሪ» ዴቢት ከተደረገና እያንዳንዱ ሽያጭ ሲመዘገብ የተሸጠው ዕቃ ዋጋም አብሮ ከተመዘገበ ፐርፔቹዋል ነው። ይህን ሳታውቅ የመርቻንዳይዚንጉን ቻፕተር አትንካ።

ቀጥሎ ከሞጁሉ ወይም መምህሩ ከሰጣችሁ የመለማመጃ ወረቀት መጨረሻ ላይ ካሉት ትልልቅ ጥያቄዎች አንዱን የአገልግሎት ድርጅት ጥያቄ ምረጥና ከጆርናል እስከ ክሎዚንግ ድረስ ሥራው። ይህ ኮርስ በባሕሪው ሰንሰለት ነው፤ ጆርናሉ ሌጀሩን ይወልዳል፣ ሌጀሩ ትሪያል ባላንሱን፣ እሱ ደግሞ ወርክሺቱን። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ከዳር እስከ ዳር ስትሠራ ያመለጠህ ክፍለ ጊዜ የትኛው እንደሆነ ራሱ ይነግርሃል። እጅህ የቆመበት ቦታ ላይ ምልክት አድርግ፤ ያኔ የጓደኛህን ደብተር ለዚያች ገጽ ብቻ ክፈት፤ አንብበህ ዝጋውና ያለ ደብተር ቀጥል። እኔ እንዲህ ሳደርግ ከ100 ገጽ በላይ ከሆነ ደብተር በትክክል ያስፈለገኝ ከሃያ ገጽ የማይበልጥ ነበር።

አብዛኛው ሰው የሚቆመው አድጀስቲንግ ኢንትሪ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንድ ኮፒ ቤት አለ እንበል። ሰኔ 30 ትሪያል ባላንሱ ላይ ሰፕላይስ 4,500 ብር ይላል፤ ወረቀትና ቀለም ነው። ከሥር ደግሞ «ሲቆጠር በእጅ የተገኘው ሰፕላይስ 1,200 ብር ነው» የሚል መረጃ አለ። የቸኮለ ልጅ 1,200ን ኤክስፔንስ ብሎ ይመዘግባል። 1,200 ግን የቀረው እንጂ ያለቀው አይደለም። ያለቀው 3,300 ነው፤ ስለዚህ ሰፕላይስ ኤክስፔንስ ዴቢት 3,300፣ ሰፕላይስ ክሬዲት 3,300 ይሆናል።

እዚያው ጥያቄ ላይ ኢንሹራንስ ሲመጣ አነጋገሩ ይለወጣል። «ሚያዝያ 1 ቀን የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ 12,000 ብር ተከፈለ» ይልሃል። የቀረውንም ያለቀውንም አልነገረህም፤ አንተ ነህ የምትቆጥረው። ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፦ ሦስት ወር አልፏል። በወር 1,000 ስለሆነ 3,000 ኤክስፔንስ ይሆናል፣ 9,000 ፕሪፔይድ ኢንሹራንስ ላይ ይቀራል። እኔ እያንዳንዱን የአድጀስትመንት መረጃ ሳነብ ከጎኑ በእርሳስ «ያለቀ» ወይም «የቀረ» ብዬ እጽፍ ነበር። ስሕተቴ በአብዛኛው የጠፋው በዚህች አንዲት ልማድ ነው።

ልብ በል፣ 1,200 ብለህ ብትመዘግብም ወርክሺቱ ይመጣጠንልሃል፤ ዴቢቱም ክሬዲቱም እኩል ነውና። ትርፉ ግን 2,100 ብር በልጦ ይወጣል፣ ባላንስ ሺቱ ላይም 1,200 መሆን የነበረበት ሰፕላይስ 3,300 ተብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ «ባላንስ አደረገ» ብለህ አትለፍ። ከአድጀስትመንት በኋላ የሰፕላይሱ ቀሪ ጥያቄው ላይ ተቆጠረ ከተባለው ጋር አንድ መሆኑን ተመልከት።

ትሪያል ባላንሱ ጭራሽ አልመጣጠን ካለህ ደግሞ ሁሉንም አጥፍተህ እንደገና አትጀምር። ልዩነቱን ውሰድና ለ2 አካፍል፤ የሚመጣው ቁጥር ከአካውንቶቹ የአንዱ ቀሪ ከሆነ፣ ያንን ቀሪ በተሳሳተ ወገን አስቀምጠኸው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ አኀዝ አቀያይረህ ጽፈህ እንደሆነ ፈትሽ፤ 5,400ን 4,500 ብለህ ብትገለብጥ ልዩነቱ 900 ነው። ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስሕተቱን ያሳይሃል፣ ፈተና ላይ ደግሞ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው።

ስለ 12 ቀኑ፦ አንዱን ቀን ለወረቀት ማሰባሰብና አውትላይኑ ላይ ለምልክት ተጠቀምበት። አራቱን ቀን የአገልግሎት ድርጅቱን ዑደት በሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሥራ፤ ሁለተኛውን ያለ ደብተር። አራቱን ለመርቻንዳይዚንግ ስጥ፤ እዚያ ፍሬይት፣ ዲስካውንትና ሪተርን ስላሉ ጊዜ ይበላል። ቲዎሪውን፣ ማለትም የቻፕተር አንድን ፕሪንሲፕሎችና ትርጉሞች፣ ማታ ማታ አንብበው እንጂ ሙሉ ቀን አትስጠው፤ ከተሠራ ጥያቄ በኋላ ሲነበብ ቶሎ ይያዛል።

መምህሩ ጋ መሄድህም አይቀርም፤ ግን «ሦስት ሳምንት ቀርቼ ነበር፣ ምን ላጥና?» ብለህ አትሂድ። የቆምክበትን ጥያቄ ከነሙከራህ ይዘህ «አንኧርንድ ረቨኒው ላይ እዚህ ድረስ መጣሁ፣ ከዚህ በኋላ ጠፋብኝ» በለው። እኔ እንደዚያ ይዤ ስሄድ መምህሬ ከአሥር ደቂቃ በላይ አስቀምጦ አስረድቶኛል፣ በክፍል የሰጠውን ምሳሌም እንደገና ሠርቶልኛል።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት የሚዱን ወረቀት ሰዓት ይዘህ እንደ አዲስ ለመሥራትና ምልክት ወዳደረግህባቸው ቦታዎች ለመመለስ ተውአቸው። ወርክሺቱን ስትለማመድ አሥሩንም ዓምድ በማስመሪያ አስምረህ ሥራ፤ ፈተና ላይ ባዶ ወረቀት ከተሰጣችሁ ማስመሩ ራሱ ደቂቃ ይወስዳል። የቆምክበትን ጥያቄ ፎቶ አንስተህ እዚህ ብትለጥፈው ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።